ሪቨርሲ፦ እየመሩ ቆይቶ ማዕዘን የማስረከብ ችግርና መፍትሄው

ምልክቱ

ጨዋታው ግማሽ ደርሷል። ሰሌዳው በእናንተ ቀለም ተሞልቷል፤ ተጋጣሚያችሁ የቀረችው ጥቂት ጠጠር ናት። ከዚያ ተራችሁ ሲደርስ የምታስቀምጡበት ቤት እያነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚቀራችሁ b2 ወይም g7 ብቻ ይሆናል፤ ማለትም የማዕዘን ጎረቤት። ታስቀምጣላችሁ፣ እሱ ማዕዘኑን ይይዛል፣ ጠርዙም ተከትሎ ይሄዳል። ሲቆጠር ተሸንፋችኋል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን እዚያች የመጨረሻ ጠጠር ላይ ያሳብባል። «b2 ላይ ባላስቀምጥ ኖሮ» ይላል። ግን ሌላ ቤት አልነበረውም። በሪቨርሲ ሕግ የሚገለብጥ ቤት እስካለ ድረስ ተራ ማለፍ አይቻልም፤ የሚጎዳ ቢሆንም ማስቀመጥ ግድ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ከዚያ ብዙ ተራ ቀደም ብሎ መፈለግ አለብን።

መንስኤው

ጠጠር ማስቀመጥ የሚቻለው ቢያንስ አንድ የተጋጣሚ ጠጠር ሲገለበጥ ነው። የተጋጣሚው ጠጠር ከባዶ ቤት አጠገብ ከሌለ እናንተም የምትጫወቱበት ቦታ የለም። ብዙ በገለበጣችሁ ቁጥር ሁለት ነገር አብሮ ይከሰታል፦ የእናንተ ምርጫ ይጠባል፣ የእሱ ይሰፋል። በተለይ ወደ ባዶ ቤቶች ፊታቸውን ያዞሩ ጠጠሮችን በረድፍ ስትገለብጡ እያንዳንዷ ለእሱ አንድ መግቢያ ትሆናለች።

ይህን በአንድ ቦታ ላይ እንየው። ● ጥቁር፣ ○ ነጭ ነው፤ ተራው የጥቁር ነው።

```
  a b c d e f g h
1 · · · · · · · ·
2 · · · · · · · ·
3 ● ○ ○ ○ ○ ○ · ·
4 ● · ○ ● ● ○ · ·
5 · · ○ ● ○ ○ · ·
6 · · ○ ○ ○ · · ·
7 · · · · · · · ·
8 · · · · · · · ·
```

ነጭ 13፣ ጥቁር 5 ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው g3 ላይ ነው። ከg3 እስከ a3 ያሉት አምስት ነጭ ጠጠሮች በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ከዚህ የበለጠ የሚገለብጥ ቤት በሰሌዳው ላይ የለም። ጥቁር 11፣ ነጭ 8 ይሆናል። ደስ ይላል።

አሁን ግን በነጭ ዓይን እዩት። ሦስተኛው ረድፍ ከa3 እስከ g3 ጥቁር ሆኗል፣ ከላዩ ያለው ሁለተኛ ረድፍ ባዶ ነው። ነጭ c2 ላይ ቢያስቀምጥ c3ን በc4 ይገለብጣል። f2 ላይ ቢያስቀምጥ f3ን በf4 ይገለብጣል። a2 ላይ ቢሆን b3ን በሰያፍ በc4 ይይዛል። አንድ በአንድ ሞክሩት፦ ከa2 እስከ h2 ስምንቱም ቤቶች ለነጭ ተከፍተዋል። በአንድ ጠጠር አንድ ሙሉ ረድፍ ሰጣችሁት ማለት ነው።

መፍትሄው

እዚያው ቦታ ላይ f6 ላይ አስቀምጡ። የምትገለብጡት አንዲት ጠጠር ነው፤ e5ን፣ በd4 በኩል። ቆጠራው ነጭ 12፣ ጥቁር 7 ሆኖ ይቀራል። በቁጥር ገና ወደ ኋላ ናችሁ። ነጭ ግን የት ይጫወት? e5፣ d4፣ e4ና d5 መሃል ላይ ናቸው፤ ዙሪያቸው ባዶ ቤት የለም። a3ና a4 ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ለጊዜው የሚነካቸው የለም። የተጋለጠችው f6 ብቻ ናት። ለነጭ የቀሩት ሦስት ቤቶች ናቸው፦ g6፣ f7 እና g7።

ከሦስቱ አንዱ፣ g7፣ የh8 ማዕዘን ጎረቤት ነው። ነጭ g7ን ቢመርጥ f6ን፣ e5ንና d4ን መልሶ ይገለብጣል፣ ስለዚህ ማዕዘኑን ወዲያው መያዝ አትችሉም። ግን e7 ላይ አስቀምጡ። e6ና e5 በe4 በኩል ይገለበጣሉ። e5 ጥቁር ስትሆን ከh8 ወደ e5 የሚሄደው መስመር ይከፈታል፤ በመሃል ያሉት g7ና f6 ነጭ ናቸውና። በሚቀጥለው ተራ h8ን ልትይዙ ነው፤ ነጭም ይህን ለመከላከል መሯሯጥ ይጀምራል። ማዕዘን የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ተጋጣሚውን ሌላ ቤት በማሳጣት።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ብዙዎችን ያሳስታል። «ጥቂት መገልበጥ ነው ጥሩው» ብሎ መደምደም አይበቃም። በዚያው ቦታ ላይ d7ም የሚገለብጠው አንዲት ጠጠር ነው፤ d6ን። ለነጭ ግን አምስት ቤት ይከፍትለታል፦ c7፣ e7፣ c8፣ d8 እና e8። ምክንያቱ d7 ከቡድኑ ውጭ ብቻዋን ወጥታ መቆሟ ነው፤ d6ም በሁለት ጎን ለባዶ ቤት ተጋልጣለች። ስለዚህ የገለበጣችሁትን ብዛት ሳይሆን የገለበጣችሁት ጠጠር ዙሪያው ምን እንደሆነ እዩ።

በጨዋታ መሃል ሁሉንም መቁጠር ይከብዳል። እኔ የምመክረው ሦስት ቤት ብቻ መርጦ ማወዳደር ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህን ባደርግ እሱ የት የት መጫወት ይችላል?» ለመቁጠር ጊዜ ካጠረ ከባዶ ቤት ጋር የሚነካኩ የራሳችሁን ጠጠሮች ቁጠሩ፤ ጥቂት የሆነበት አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። በስልክ የምትለማመዱ ከሆነ ብዙዎቹ አፕሊኬሽኖች የሚፈቀዱትን ቤቶች በነጥብ ያሳያሉ። አስቀምጡ፣ ለተጋጣሚያችሁ የወጡትን ነጥቦች ቁጠሩ፣ መልሱት፣ ሌላውን ሞክሩ።

መፍትሄው ራሱ ችግር ሲሆን

ሁለት ቦታ ላይ ይህ ምክር ይገለበጣል።

አንደኛው ጠጠራችሁ ከመጠን በላይ ሲያንስ ነው። የአንዱ ወገን ጠጠር ሁሉ ከተገለበጠ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። d4ና e5 ነጭ፣ d5ና e4 ጥቁር ሆነው ከሚጀመረው ቦታ ተነስታችሁ ይህን በሰሌዳ ላይ ተጫወቱት፤ ጥቁር ይጀምራል፦

```
e6 f4 e3 f6 g5 d6 e7 f5 c5
```

በዘጠነኛው ጠጠር c5 ላይ የቀሩት አምስት ነጭ ጠጠሮች በሦስት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ሰሌዳው ላይ 13 ጥቁር ይቀራል፣ ነጭ ዜሮ። ስለዚህ ጠጠራችሁ አምስትና ስድስት ሲደርስ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቤት እንዳለ ፈትሹ።

ሁለተኛው መጨረሻው ነው። አሥር ገደማ ባዶ ቤት ሲቀር የምርጫ ብዛት ዋጋው እየቀነሰ፣ የጠጠር ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መስመሩን እስከ ጫፍ አስባችሁ ቁጠሩ፤ ያን ጊዜ አምስት የሚገለብጠው ቤት ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። በተለይ የያዛችሁት ማዕዘን ካለ፣ ከእሱ ጀምሮ ሳይቋረጥ በጠርዙ ላይ የተሰለፉ ጠጠሮቻችሁን ማንም ስለማይገለብጣቸው በእርግጠኝነት ልትቆጥሯቸው ትችላላችሁ።