ያላለቀ አፓርታማ ከአልሚ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዳማ በግንባታ ላይ ካለ ሕንፃ አንድ ቤት የሚገዛ ሰው በውሉ ላይ «ገዢ» ተብሎ ቢጠቀስም፣ ቤቱ ተጠናቆ በስሙ እስኪመዘገብ ድረስ በሕግ ፊት ያለው ቦታ ለአልሚው ያለ መያዣ ገንዘብ ካበደረ ሰው ብዙም አይለይም። መሬቱ በሊዝ የተያዘው በአልሚው ስም ነው፤ ካርታውም የአልሚው ነው። ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ የባለቤትነት ማረጋገጫ የሚወጣው ሕንፃው በጋራ ሕንፃነት ከተመዘገበ በኋላ ነው። ቀጥሎ የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ይህን ሐቅ ከመዘንጋት ነው።

ካርታውን አይቶ ዕዳና እገዳውን ሳያጣሩ መክፈል

የሽያጭ ሠራተኛው የካርታውን ፎቶ ኮፒ ሲያሳይ ብዙ ሰው ልቡ ያርፋል። ካርታው ግን መሬቱ የማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ለማን በመያዣነት እንደተሰጠ ሁልጊዜ አይነግርም። አልሚዎች ለግንባታው ከባንክ ሲበደሩ መሬቱንና በላዩ ያረፈውን ሕንፃ ማስያዛቸው የተለመደና ሕጋዊ አሠራር ነው። ችግሩ የሚመጣው ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ነው። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ ባንኩ በውሉ ላይ ይህ ሥልጣን ከተሰጠው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ አልሚ በአዳማ ለሚሠራው ሕንፃ መሬቱን አስይዞ ከባንክ ተበድሯል እንበል፤ ዕዳው ከነወለዱ 90 ሚሊዮን ብር ደርሷል። ከዚሁ ሕንፃ 40 ሰዎች እያንዳንዳቸው የ8 ሚሊዮን ብር ቤት ገዝተው ከዋጋው 70 በመቶ፣ ማለትም 5.6 ሚሊዮን ብር ከፍለዋል። ገዢዎቹ በድምሩ 224 ሚሊዮን ብር አስገብተዋል ማለት ነው። ሥራው ቆመ፤ ባንኩም በጅምር ያለውን ሕንፃ በሐራጅ በ110 ሚሊዮን ብር ሸጠው። ባንኩ አስቀድሞ 90 ሚሊዮኑን ይወስዳል። የቀረው 20 ሚሊዮን፣ ግብርና የሌሎች አበዳሪዎች ጥያቄ ሳይታሰብ እንኳ፣ ለ40 ሰዎች ሲከፋፈል ለአንዱ 500,000 ብር ይደርሰዋል።

መከላከያው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በአልሚው ፈቃድ ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በቅርብ ቀን የተሰጠ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከስድስት ወር በፊት የወጣ ማጣሪያ ዛሬ ስላለው ሁኔታ አይናገርም። በነገራችን ላይ በአዳማ የሊዝ ውሉም ሆነ የመሬት ሰነዶቹ የሚዘጋጁት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያነብ ገዢ በሚታመን ሰው ሳያስተረጉም መፈረም የለበትም። ማጣሪያው መያዣ መኖሩን ካሳየ ግዢውን መተው ግድ አይደለም፤ ነገር ግን የእርስዎ ቤት ዋጋ ሲከፈል ባንኩ ያንን ቤት ከመያዣው ነፃ እንደሚያደርግ የሚገልጽ ደብዳቤ ከራሱ ከባንኩ መቀበል፣ ክፍያውንም በቀጥታ በዚያው ባንክ በተጠቀሰው ሒሳብ ማስገባት ይገባል። አልሚው «ባንኩ ችግር የለውም» ብሎ በቃል የሚሰጠው ማረጋገጫ ባንኩን አያስገድደውም።

የውልና ማስረጃን ማኅተም እንደ ንብረት ምዝገባ መቁጠር

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት መብትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ እንዲሆኑና ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲመዘገቡ ያዛል። በሌላ በኩል ቁጥር 2876 ገና ያልተሠራ ቤትን ለማስረከብ የሚደረግን ውል ከሽያጭ ይልቅ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሥራ ውል አድርጎ ይመለከተዋል። በዚህ ልዩነት ላይ ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ገዢ ግን በክርክሩ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ውሉን ሥልጣን ባለው የክልሉ ጽሕፈት ቤት ፊት ቀርቦ መፈራረም ከሚያስቀረው ክርክር አንጻር ወጪው ትንሽ ነው። በሽያጭ ቢሮ ውስጥ በኩባንያው ማኅተም ብቻ ተፈርሞ የሚሰጥ ውል ለፈራሚው ሰው ሥልጣን እንኳ ማስረጃ አይሆንም፤ ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ ካልሆነ ውክልናውን ማየት ያስፈልጋል።

ሆኖም ይህ ሁሉ ተሟልቶም ውሉ የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው። በቁጥር 2878 መሠረት ሽያጩ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ የሚሆነው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ስለዚህ አልሚው ውሉ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፋይል እንዲታሰር ከእርስዎ ጋር ሆኖ በጽሑፍ ለመጠየቅ ግዴታ የሚገባበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ይኑር። ጽሕፈት ቤቱ ካልተቀበለው እምቢታውን በጽሑፍ መያዝ ይጠቅማል።

ክፍያን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ማሰር

ከላይ የጠቀስናቸው ገዢዎች 70 በመቶ የከፈሉት ሕንፃው 70 በመቶ ስለደረሰ አልነበረም። ውላቸው ሲፈርሙ 30 በመቶ፣ በስድስተኛው ወር 20፣ በ12ኛው ወር 20 በመቶ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሕንፃው ገና ሁለተኛው ሶሌታ ላይ ነበር። ገንዘቡ ከሥራው ከቀደመ አልሚው በዚያ ገንዘብ ሌላ ሳይት ለመክፈት ይፈተናል። ክፍያው በሥራ ደረጃ ይከፋፈል፦ መሠረቱ ሲያልቅ፣ የተወሰኑ ሶሌታዎች ሲፈሰሱ፣ ጣሪያ ሲገጠም፣ ልስንና የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሲጠናቀቅ፣ በርክክብ ጊዜ። ደረጃው መድረሱን የሚያረጋግጠው አልሚው የሚቀጥረው አማካሪ ብቻ ሳይሆን ገዢዎች በጋራ የሚከፍሉት መሐንዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ ለ40 ሰው ሲካፈል ወጪው አይከብድም። ቢያንስ 10 በመቶው ካርታው በስምዎ እስኪወጣ ድረስ መያዝ አለበት።

ለመጀመሪያው ትልቅ ክፍያ ከባንክ የቅድመ ክፍያ ዋስትና መጠየቅም ይቻላል። ዋስትናው በመጀመሪያ ጥያቄ የሚከፈል መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ጥፋቱ በፍርድ ሲረጋገጥ» የሚል ከሆነ ገንዘቡን ለማግኘት መጀመሪያ ዓመታት መሟገት ሊኖርብዎ ይችላል። ብዙ አልሚዎች ይህን ዋስትና አይሰጡም፤ በዚያ ጊዜ በአልሚውና በባንኩ ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ለሥራ ደረጃ ብቻ የሚለቀቅ ዝግ ሒሳብ ሁለተኛው አማራጭ ነው። የሒሳቡን ስምምነት ቅጂ ሳያዩ «ዝግ ነው» የሚለውን አይመኑ።

ልቅ የዋጋ ማስተካከያና ስም የለሽ ቅድመ ክፍያ

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ የብር ዋጋ በአጭር ጊዜ ብዙ ወርዶ፣ ሊፍትንና የመጨረሻ ሥራ ዕቃዎችን ከውጭ የሚያመጡ አልሚዎች ዋጋ ለመጨመር ተነሡ። «በገበያ ሁኔታ ዋጋ ይስተካከላል» የሚል ውል የፈረመ ገዢ የሚከላከልበት ቁጥር አልነበረውም። ማስተካከያ ከተፈቀደ የትኛው ዕቃ፣ በምን ማስረጃ፣ እስከ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጻፍ። «ለመያዝ» ተብሎ የሚከፈለው ገንዘብም ቀብድ ወይም የዋጋው አካል መሆኑ በደረሰኙ ላይ ይገለጽ፤ ቀብድ ከሆነ የተለየ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ሲተው ያጣዋል፣ ተቀባዩ ሲተው እጥፉን ይመልሳል።

መዘግየት ሲታይ ዝም ብሎ መጠበቅ

ርክክቡ ሲዘገይ ብዙ ገዢዎች በስልክና በቢሮ ምልልስ ጊዜ ያባክናሉ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 በአብዛኛው የውል አለመፈጸምን ለማንሳት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ስለሚጠይቅ፣ ቀኑ ባለፈበት ሳምንት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መቀበያውን ማስፈረም ያስፈልጋል። ገዢዎች ተባብረው ክስ ሲመሠርቱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ሕንፃው እንዳይሸጥና እንዳይያዝ ጊዜያዊ እገዳ መጠየቅ ይችላሉ። እገዳው አልሚው አዲስ መያዣ እንዳይሰጥ ሊያግድ ይችላል፤ አስቀድሞ የተመዘገበውን የባንክ መያዣ ግን አያስቀርም፣ ስለዚህ በመያዣ ስር ባለ ሕንፃ ላይ ማስጠንቀቂያው ለባንኩም በግልባጭ መድረስ አለበት።