የምግብ ቤት ሜኑ ፎቶን ወደ ዓረብኛ መተርጐም፦ «የአሣ ዱለት» ምን ይባላል?

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት ለሱዳንና ለግብፅ እንግዶች የዓረብኛ ሜኑ ሲያዘጋጅ ሩዝና ሰላጣ አያስቸግሩም። ሥራው ያለው ዱለት፣ ጉላሽ፣ የጾም ምግብና ጠጅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፎቶውን ያንሱ። ሜኑው በላስቲክ ከተለበጠ ፍላሹን አጥፍተው መስኮት አጠገብ ያድርጉትና ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው ይያዙ። አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ ይበቃል። ጽሑፉን በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ ገጾቹ ብዙ ከሆኑ ግን ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከአማርኛ የቋንቋ ፋይሉ ጋር ከተጫነ ፊደሉን ከፎቶው ላይ ያነባል፦

```
tesseract menu.jpg menu -l amh
```

ውጤቱ `menu.txt` በሚል ፋይል ይቀመጣል። ነጸብራቅ ያረፈበት ቦታ ላይ «ለ»ን «ሰ» አድርጎ «ዱሰት» ሊል ስለሚችል እያንዳንዱን መስመር፣ በተለይም ዋጋውን፣ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ለየምግቡ ተራ ቁጥር ይስጡ። እንግዳው ቁጥሩን ሲጠቁም አስተናጋጁ ዓረብኛ ባያነብም ይግባባሉ።

ከመተርጐምዎ በፊት ወጥ ቤት ገብተው ስለየምግቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዋናው ነገር ምንድን ነው፣ እንዴት ይሠራል፣ ስሙ ላይ የማይታይ ምን አለበት? ቅቤ፣ ቃሪያ፣ ጥሬ ሥጋ ወይም አልኮል ስሙ ላይ አይጻፍም፤ እንግዳው ግን ማወቅ ያለበት እሱን ነው።

አሁን የአሣ ዱለትን እንውሰድ። ዱለት ሲባል በተለምዶ ከበግ ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ የሚሠራ ነው። መዝገበ ቃላት ያየ ተርጓሚ «ጨጓራ» ብሎ ይጽፋል፤ የአሣው ዱለት ግን ጨጓራ የለውም። አሣው በደቃቁ ተከትፎ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ይጠበሳል። ስለዚህ ስሙን በድምፁ ይጻፉና ከሥሩ በአንድ መስመር ምንነቱን ይግለጹ። ድምፁን ሲጽፉም ይጠንቀቁ፦ دولت ብለው ከጻፉት ዓረብ አንባቢ «ደውለት» ብሎ የሴት ስም ያነበዋል። ያ ድምፅ እንዳይመጣ አንድ ፊደል ይጨመርበታል፦

```
14
دوليت السمك
سمك مفروم ناعم محمّر مع البصل والثوم والفلفل الأخضر الحار
```

የአሣውን ዓይነት ካወቁ ይጨምሩት፤ ቀጥተኛ ስም አለውና። ቆሮሶ በሱዳንም በግብፅም «ቡልጢ» (بلطي)፣ አምባዛ ደግሞ «ቀርሙጥ» (قرموط) ነው። የዓባይ ሰዎች አሣውን ያውቁታልና «የጣና አሣ» ከማለት ይህ ይበልጥ ይነግራቸዋል።

የአሣ ጉላሽ ተቃራኒው ችግር አለው፤ ስሙ ዓረብኛ ውስጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ለግብፃዊ «ጉላሽ» በስስ ሊጥ ተደራርቦ የሚጋገር ምግብ ነው። እዚህ ላይ ስሙን ትተው «የአሣ ቁርጥ በቲማቲምና ሽንኩርት ስጎ» ብቻ ይበሉ፦

```
قطع سمك بصلصة الطماطم والبصل
```

«የጾም» የሚለውን «ሲያም» ብሎ መተርጐም ለሙስሊም እንግዳ የረመዳንን ጾም ያስታውሰዋል፤ የሚመጣለትም የማፍጠሪያ ምግብ ይመስለዋል። ለዚህ የተሻለው የሌለበትን መዘርዘር ነው፦ بدون لحم ولا ألبان ولا بيض (ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦና እንቁላል የሌለበት)። የጾም ሜኑው ውስጥ አሣ ካለ ግን ይህን ከየምግቡ ሥር ለየብቻ ይጻፉ እንጂ ለሙሉው ገጽ «አትክልት ብቻ» የሚል ርዕስ አይስጡ።

ጠጅ ላይ አይለስልሱ። «ሸራብ አል-ዐሰል» ማለት የማር መጠጥ ማለት ነው፤ አልኮል የማይጠጣ ሰው ብርዝ መስሎት ያዝዘዋል። አልኮል ያለው መሆኑን የሚናገረው مشروب كحولي من العسل ነው። «ሐላል» የሚለውንም ቃል ባለቤቱ ሥጋው ከየት እንደሚገዛና ማን እንደሚያርደው አረጋግጦ ካልነገረዎት ከራስዎ አይጨምሩ።

እንጀራን በድምፁ ጽፈው «ከሱዳን ኪስራና ከየመን ለሑሕ የሚቀራረብ፣ ከጤፍ የሚጋገር የቦካ ስስ ዳቦ» ቢሉ ሱዳናዊውም የመናዊውም ወዲያው ይገባዋል።

ዋጋውን 250 እንጂ ٢٥٠ ብለው አይጻፉ። የዓረብኛው አምስት (٥) የእኛን ዜሮ ስለሚመስል አስተናጋጁ ይሳሳታል። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ፊደሎቹን ይመልከቱ፦ አንዳንድ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ዓረብኛውን ነጣጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ያስቀምጠዋል። ቃሉ ውስጥ መያያዝ ያለባቸው ፊደሎች ተለያይተው ከታዩ ሜኑው አይነበብምና በሌላ ፕሮግራም እንደገና ይለጥፉት። በመጨረሻ ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ተራ ቁጥር 14ን አንብቦ ሳህኑ ላይ ምን እንደሚጠብቅ ለወጥ ሠሪው ይንገረው፤ ወጥ ሠሪው «አይደለም» ካለ የሚስተካከለው የምንነት መስመሩ ነው።