ጎረቤት «ድግሱን እናንተ ጊቢ እናድርገው» ካለ

ለገጣፎና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጊቢያችሁ ትንሽ ሰፋ ካለ ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ ክርስትና ነው መልስ ነው ይባላል። እምቢ ማለት ከፈለጋችሁ እዛው በዛው ቀን በሉ፣ «እስቲ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ካላችሁ እሺ ተብሏል ተብሎ ዘመድ ይጠራል፣ ጠላም ይጠነሰሳል፣ ከዛ በኋላ እምቢ ማለት ቅያሜ ነው። ምክንያታችሁ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ሰውዬው ራሱ የሚያውቀው። «እንግዳ ይመጣብናል» አትበሉ፣ በሩ ፊት ለፊት ነው፣ አለመምጣቱን ያያል። ይልቅ ለምሳሌ እንዲህ፦ «እትዬ፣ እንኳን ደስ አሎት፣ ግን ሽንት ቤታችን አንድ ነው፣ መቶ ሰው አይችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ምክንያት ከደረደራችሁ ግን አንዱን በአንዱ ይፈቱላችኋል፣ ውሃው በፈረቃ ነው ብትሉ ውሃ በቦቴ እናስመጣለን ይባላል (እኛ ሰፈር ተብሏል!)፣ ያኔም «ሽንት ቤቱ ግን ያው ነው እትዬ፣ አይሆንልንም» ብሎ ማቆም ነው። ወዲያው የምትችሉትን ስጡ፣ ድንኳንና ወንበር ከእድር ማስፈቀዱን ወይ ፍሪጃችሁን ለመጠጥ። ዋዜማ ማታ ደግሞ ቢላችሁን ይዛችሁ ሽንኩርት ክተፉ።