ከበር አጠገብ የቆመ ሰው ቁመት ከፎቶ ሲለካ፦ ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ውጭ አገር ላሉ ደንበኞች የሐበሻ ቀሚስ የምንሰፋ ሰዎች ልክ በስልክ መቀበል ለምደናል። የሚያስቸግረው ቀሚሱ ድንገተኛ ስጦታ ሲሆን ነው። በቅርቡ አንዲት ልጅ ከቨርጂንያ «ለእማዬ ነው፣ እንዳታውቅብኝ» ብላ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። እናትየው ኮሪደር ጫፍ ላይ፣ የተዘጋ በር አጠገብ ቆመዋል። የበር ቁመት ስለሚታወቅ በእሱ መለካት ይቻላል አልኩና ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፒክስል ቆጠርኩ። በሩ ከታች እስከ ላይ 1421 ፒክስል ነው፤ እናትየው ከእግር እስከ ራስ 1386። በሩን እንደ እኛ አገር 210 ሴንቲ ብዬ ሳሰላው እናትየው 205 ሴንቲ ሆነው አረፉት። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሆናቸው ነው።

ችግር፦ ቁመቱ በጥቂት ሴንቲ ይዛነፋል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሩ ራሱ ነው። እኛ ጋ የተለመደው የበር ክፍተት 2.10 ሜትር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ግን መደበኛው የቤት ውስጥ በር 80 ኢንች፣ ማለትም 203 ሴንቲ ነው። እንግሊዝ አገር ከዚያም ያንሳል፣ 198 ሴንቲ ገደማ። የ7 ሴንቲዋ ልዩነት ትንሽ ትምሰል እንጂ 170 ሴንቲ የሆነን ሰው ወደ 6 ሴንቲ ታዛባለች።

ስለዚህ ፎቶው የት እንደተነሳ መጠየቅ ይቀድማል። ሰው ቤት ውስጥ ካለና ሜትር ካለው በሩን ማስለካት ከሁሉም ይሻላል፤ በር መለካት ምስጢር አያወጣም። ያልተለሰነ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ብሎኬት ይቆጠራል፤ የአንዱ ከፍታ ከነማልታው 21 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ አሥር ረድፍ ላይ 2.10 ይሞላል። ከበሩ በላይ መስታወት ያለው መቃን ከሆነ መስታወቱን ጨምሮ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ የሚለካው እስከ በሩ ክንፍ ራስ ድረስ ብቻ ነው።

በሩን 203 አድርጌ ሳስተካክል አንድ ሴንቲ 7 ፒክስል ሆነ፣ እናትየውም ወደ 198 ወረዱ። አሁንም አይታመንም።

ችግር፦ ሰውየው ከበሩ ጋር ሊተካከል ደረሰ

ምልክቱ እግሩ ላይ ነው። የጫማው ጫፍ ፎቶው ላይ ከበሩ ደፍ ዝቅ ብሎ ከታየ ሰውየው በሩ ሥር ሳይሆን ወደ ካሜራው ቀርቦ ቆሟል። ለካሜራ የቀረበ ነገር ይገዝፋል፤ በሩ ከካሜራው 3 ሜትር ርቆ ሰውየው 2.5 ሜትር ላይ ከቆመ ከበሩ አንጻር በአንድ አምስተኛ ያድጋል። ግማሽ ሜትር፣ አንድ እርምጃ እንኳ የማትሞላ፣ ይህን ሁሉ ታደርጋለች።

መፍትሄው የካሜራውን የዓይን መስመር ማግኘት ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከተያዘ፣ ከካሜራው እኩል ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ቅርብም ይሁን ሩቅ፣ ፎቶው ላይ በአንድ አግድም መስመር ላይ ያርፋል። መስመሩን ለማግኘት የጎን ግድግዳውን ተጠቀሙ፦ ከታች የዞኮሎውን ጠርዝ፣ ከላይ ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበትን ጠርዝ በቀጥታ አራዝሟቸው። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ የዓይን መስመሩ ከፍታ ነው። ኮሪደር ከሌለ በግማሽ የተከፈተ የበር ክንፍ የላይና የታች ጠርዝም ይሠራል፤ ጠርዞቹ አጫጭር ስለሆኑ ግን እጅ ትንሽ ከተንሸራተተ ነጥቡ ብዙ ይርቃል።

በእኔ ፎቶ ላይ ረድፉ ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር እንዲህ ነበር፦ የዓይን መስመር 750፣ የበሩ ሥር 1800፣ የእናትየው ጫማ 2010፣ የራሳቸው ጫፍ 624። ከበሩ ሥር እስከ ዓይን መስመሩ 1050 ፒክስል ነው፤ በ7 ሲካፈል 150 ሴንቲ። ካሜራው ከመሬት 150 ሴንቲ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቷ ስልኩን ዓይኗ ላይ አድርጋ ካነሳች ልክ ይመጣል። እዚህ ላይ 60 ወይም 230 ቢወጣ መስመሩን እንደገና አሰምረው ነበር።

ከእናትየው እግር እስከ ዓይን መስመሩ ያለው ርቀትም ያው 150 ሴንቲ ነው፣ ፒክስሉ ግን 1260 ነው። ስለዚህ እሳቸው በቆሙበት ቦታ አንድ ሴንቲ 7 ሳይሆን 8.4 ፒክስል ነው።

```
150 × (2010 − 624) ÷ (2010 − 750) = 165
```

165 ሴንቲ። ጫማቸው ተረከዙ 3 ሴንቲ ይሆናል፤ ሲቀነስ 162። ፀጉር ከፍ ተደርጎ ከተሠራ ደግሞ የራስ ጫፍ የሚባለው ፀጉሩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው፤ እሱን በግምት ከማውረድ በቀር መላ የለውም።

ችግር፦ እግሩ ፎቶው ውስጥ የለም

ደንበኞች የሚልኩት ፎቶ አብዛኛው ከጉልበት በላይ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ከበሩ ምን ያህል እንደራቀ አይታወቅም። ግን እጅ መስጠት አያስፈልግም፤ የራሱ ጫፍ በሩ ላይ የት ጋ እንደሚያርፍ ብቻ አንብቡ። የእናትየው ራስ በሩ ላይ 168 ሴንቲ ጋ ነበር የሚያርፈው፤ ከ165 በ3 ሴንቲ ብቻ ይለያል። ምክንያቱም የሚጋነነው ከዓይን መስመሩ በላይ ያለው 15 ሴንቲ ብቻ ነው እንጂ ቁመቱ በሙሉ አይደለም። ከበሩ ፊት ስለቆሙም ቁመታቸው በ150 እና በ168 መካከል መሆኑ እርግጥ ነው፤ ካሜራው ላይ እስካልተለጠፉ ድረስ ወደ 168 የቀረበ ነው።

ልጅ ከሆነ ተቃራኒው ይሆናል። ራሱ ከዓይን መስመሩ በታች ስለሆነ ወደ ካሜራው በቀረበ ቁጥር በሩ ላይ አጥሮ ይነበባል። ለልጅ ልብስ በዚህ ንባብ የሰፋ ሰው ጠባብና አጭር ልብስ ይልካል።

ችግር፦ በሩ ራሱ ሾጥጧል

መቃኑ ወደ ላይ እየጠበበ ከሄደ ካሜራው ከታች ሆኖ ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ወደ ታች ከጠበበ አጎንብሷል። በዚህ ፎቶ ላይ የበሩ ላይኛው ግማሽና ታችኛው ግማሽ እኩል ፒክስል የላቸውም። ለማረጋገጥ ከበሩ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ሁለት ሰያፍ መስመሮችን አስምሩ፤ የሚቆራረጡበት ቦታ ምንጊዜም የበሩ እውነተኛ እኩሌታ ነው። ይህ ነጥብ ከፒክስሉ እኩሌታ ከራቀ ፎቶው አዘንብሏል። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ያዘነበለ ግድግዳ የሚያቀኑበት መሣሪያ አላቸው፤ ሁለቱ መቃኖች ትይዩ እስኪሆኑ አቅኑና ከዚያ ከላይ ባለው መንገድ ለኩ። ምስሉ ሲቀና ሰውየው ቢረዝም ወይም ቢያጥር አያሳስብም፤ ስሌቱ የሚያወዳድረው ርቀትን ከርቀት ጋር ስለሆነ አብሮ ይሳባል።

መቃኑ እንደ ቀስት ከጎበጠ ግን ሌንሱ ነው ያጎበጠው፤ ሌላ ፎቶ አስልኩ።

በዚህ ሁሉ ተጠንቅቄም ሁለት ሦስት ሴንቲ ወዲያና ወዲህ እጠብቃለሁ። ጥበቡ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከታች መቁረጥ አይቻልም፤ የእናትየውን ቀሚስ ለ165 ሰፍቼ ትርፉን ወገቡ ላይ አጠፍኩት። ከረዘመባቸው እዚያው ይሰበሰባል።