የመክፈያ ልማድ ሲለወጥ የሚፈጠረውን የአገልግሎት ክፍተት እንዴት መለየት ይቻላል?

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በጎጃም ከተሞች ብዙ ሰው ለምሳ፣ ለባጃጅና ለሸቀጥ በስልኩ መክፈል ለምዷል። ይህን ለውጥ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚያስበው ሌላ የመክፈያ መተግበሪያ መሥራትን ነው። ሆኖም ክፍያውን የሚያስተላልፉት ድርጅቶች አቅማቸው ትልቅ ነው፤ በዚያ ላይ የሌላውን ሰው ገንዘብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይዞ ማንቀሳቀስ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። ለአነስተኛ ሥራ ጀማሪ የሚሻለው፣ ጥሬ ገንዘብ ሳይነገርለት ይሠራቸው ከነበሩት ሥራዎች መካከል ስልኩ ሳይሸፍነው የቀረው የትኛው እንደሆነ መፈለግ ነው። ይህ ጽሑፍ የደብረ ማርቆስን ምግብ ቤቶች ምሳሌ አድርጎ የፍለጋውን አካሄድ ያሳያል።

አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ይምረጡ

ከተማውን በሙሉ ለመከታተል መሞከር አይጠቅምም። አንድ የሥራ ዓይነት፣ ለምሳሌ ምግብ ቤት፣ ይምረጡና ባለቤቱን አስፈቅደው በምሳ ሰዓት ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ይቀመጡ። በደብተር ላይ ለጥሬ ገንዘብ፣ ለስልክና ለዱቤ ሦስት ዓምዶችን ያስምሩና እያንዳንዱን ክፍያ በየዓምዱ ምልክት ያድርጉ። ከእነዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ግን አራተኛው ዓምድ ነው። በእሱ ላይ ከክፍያው በፊትና በኋላ የተደረገውን ሁሉ ይጻፉ፤ ማን ማንን ጠየቀ፣ ማን ቆሞ ጠበቀ፣ ማን ስልኩን አውጥቶ አሳየ የሚለው ሁሉ ይመዝገብ።

ምዝገባው የገበያ ቀንንም ተራ ቀንንም መያዝ አለበት፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ስለሚገበያይ የአንዱ ቀን ቁጥር ለሌላው አይሆንም። ወቅትም እንዲሁ ያሳስታል። አዝመራ በተሰበሰበበት ጊዜ የገበያው እንቅስቃሴ ይጨምራል፣ በሁዳዴ ደግሞ የምግብ ቤት ሂሳብ አነስ ይላል፤ እነዚህ በየዓመቱ የሚመላለሱ ስለሆኑ የልማድ ለውጥ ተደርገው መቆጠር የለባቸውም።

ለውጡ በውድ ነው ወይስ በግድ?

ነዳጅ በ2015 ዓ.ም. በስልክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ ባለባጃጆች ወደዱም ጠሉም በሂሳባቸው ላይ ገንዘብ ማኖር ነበረባቸው። በመመሪያ የመጣ ልማድ ቶሎ ይስፋፋል፣ መመሪያው ሲለወጥ ግን መልኩን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ አስገዳጁ ነገር በሌለበትም ሰዎች በስልክ ይከፍሉ እንደሆነ ይመልከቱ። ቤንዚን ለመግዛት ሲል ስልኩ ላይ ገንዘብ ያስገባ ባለባጃጅ ከተሳፋሪም በስልክ መቀበልን ከመረጠና ምሳውንም በዚያው ከከፈለ፣ ልማዱ ከማደያው ወጥቶ በራሱ ቆሟል ማለት ነው።

ጥሬ ገንዘብ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይፈልጉ

አሁን ወደ አራተኛው ዓምድ እንመለስ። በብዙ ምግብ ቤቶች ክፍያው የሚገባው በባለቤቱ የግል ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቤቱ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ተስተናጋጁ ከከፈለ በኋላ አስተናጋጇ ትደውላለች።

«ጋሼ፣ 240 ብር ገባልዎት?»

«ቆይ ልየው። አዎ፣ ገብቷል።»

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ እኩል 240 ብር ቢከፍሉና የአንዱ ክፍያ ሳይተላለፍ ቢቀር፣ ባለቤቱ ያንኑ አንድ መልእክት እያየ ለሁለቱም «ገብቷል» ሊል ይችላል። በተስተናጋጁ ስልክ ላይ የሚታየውም የተቀየረ ወይም የቆየ መልእክት ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም። ጥሬ ገንዘብ መክፈያም ማረጋገጫም ነበር፤ እጅ ላይ ሲያርፍ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። በስልክ ክፍያ ሁለቱ ተለያይተዋል፤ ክፍተቱም ያለው በመካከላቸው ነው።

ሰዎች በራሳቸው የዘየዱትን ይመልከቱ

እውነተኛ ችግር ያለበት ሰው መላ መምታቱ አይቀርም። አንዱ ባለቤት ለምግብ ቤቱ የተለየ ቁጥር አውጥቶ ስልኩን ለገንዘብ ያዡ ይሰጣል፣ ሌላው የክፍያውን መለያ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች በደረሰኙ ጀርባ ያስጽፋል። ማንም ምንም ካላደረገ ችግሩ የሚመስለውን ያህል ላይከብድ ይችላል። በሌላ በኩል የተለየ ስልክ ብቻ ነገሩን ከፈታው እርስዎ የሚሸጡት ነገር አይኖርም። እንደ እኔ ግምት ግን ስልኩ የሚፈታው የምሳ ሰዓቱን ጥድፊያ ብቻ ነው። ማታ ደረሰኞቹን ከመልእክቶቹ ጋር አንድ በአንድ ማስታረቅ ይቀራል፤ ይህን የሚሠራው ደግሞ ደክሞት የሚውለው ባለቤት ነው። ሊሸጥ የሚችለው አገልግሎት ይኸው የማታ ሂሳብ ማስታረቅ ነው።

ያስከፍል እንደሆነ ያስሉ

ቁጥሮቹ ማሳያ ብቻ ናቸው እንበል። አንድ ምግብ ቤት በቀን በአማካይ 150 ብር የማይታረቅ ጉድለት ቢኖርበት በ26 የሥራ ቀናት 3,900 ብር ይሆናል። ከጉድለቱ ግማሹን እንኳ ማስቀረት ከተቻለ 1,950 ብር ይድናል፤ ስለዚህ ከዚያ በታች፣ ለምሳሌ 1,500 ብር፣ በወር መጠየቅ ያስኬዳል። የአንዱ ቤት ሥራ በየማታው ግማሽ ሰዓት ከወሰደ ስምንት ቤቶች አራት ሰዓት ይፈጃሉ፣ የወር ገቢያቸውም 12,000 ብር ይሆናል። ቤቶቹ ተራርቀው የሚገኙ ከሆነ የመንገዱ ጊዜ ስሌቱን ስለሚያፈርሰው በአንድ ሰፈር መጀመር ይሻላል።

በእጅ ይሞክሩት

ሶፍትዌር ከማሠራትዎ በፊት ሁለት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት በደብተርና በእስክሪብቶ ያገልግሉ። ደረሰኙ ላይ የጠረጴዛ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የገንዘብ መጠንና የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አሃዞች እንዲጻፉ ከአስተናጋጆቹ ጋር ይስማሙ። የባለቤቱን የምስጢር ቁጥር በምንም ምክንያት አይቀበሉ፤ የሚያስፈልግዎት የመልእክቶቹ ዝርዝር ብቻ ነው፣ እሱንም ባለቤቱ ራሱ እያነበበ ወይም እያሳየ ይስጥዎት። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ አሠራርም አይመከርም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው *127# ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታይቷል።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ትንሽም ቢሆን ያስከፍሉ፤ በነፃ የሚቀበለው ሰው ምስጋና ከልብ ቢሆንም ስለ ዋጋው ምንም አይነግርዎትም። ባለቤቱ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰኞቹን ሳይጠየቅ አዘጋጅቶ ከጠበቀዎት ሥራው ቦታ አግኝቷል። አስተናጋጆቹ አራቱን አሃዞች መጻፍ ካቆሙ ግን አሠራሩ ለምሳ ሰዓት ጥድፊያ ከብዷል ማለት ነውና የሚጻፈውን ወደ ሁለት አሃዝ ቀንሰው ለአንድ ሳምንት ይሞክሩ፤ ያኔም ካልተጻፈ ይህን ክፍተት ትተው ያንኑ ደብተር ይዘው ወደ ሌላ የሥራ ዓይነት ይሂዱ።