ፒኤች ልክ ሆኖ ሁለቱ ጋዞች ብቻ ከፍ ካሉባችሁ

ጎንደር ያላችሁ የላብራቶሪ ሰዎች፣ ይሄ የደም ጋዝ ማሽን ነገር ቀናችንን በልቶታል። ፒኤች ልክ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ኦክስጅን ግን በሁሉም ናሙና፣ በኮንትሮሉም ጭምር፣ ከፍ ብለው ይነበባሉ። የኤሌክትሮዱን ሜምብሬን ቀየርን፣ ካሊብሬሽን ደጋገምን፤ ወይ ፍንክች!

ፒኤች የሚስተካከለው በበፈር ነው። ጋዞቹ ግን በሲሊንደር ጋዝ ነው የሚስተካከሉት፣ ማሽኑም የጋዙን ፐርሰንት የውሃ ትነት ግፊት በተቀነሰለት የአየር ግፊት ያባዛል። ሴቲንጉን ስናይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተሞልቷል፤ ከስልክ የአየር ሁኔታ የተወሰደ፣ ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ቁጥር። እዚህ ከፍታ ላይ ትክክለኛው 590 ገደማ ነው። በባሮሜትር ለክተን አስገባንና እንደገና ካሊብሬት አደረግን።

ፒኤቹ 7.40 የሆነ ናሙና ወዲያው ሲደገም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ42 ወደ 32 ወረደ። ባይካርቦኔት የሚሰላ እንጂ የሚለካ ስላልሆነ አብሮ ተሳስቶ ነበር፦

```
HCO3 = 0.0307 × PCO2 × 10^(pH − 6.1)
```

ከ25.7 ወደ 19.6፤ ቤዝ ኤክሰስም ከ+1.2 ወደ −4.5።