የዴካትሎን ነጥብ አልደመር ሲል

የዴካትሎን ነጥብ በኤክሴል ሠርተው "ተበላሸብን" የሚሉኝ አሠልጣኞች ፋይል ስከፍት፣ ቀመሩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጥፋቱ ያለው ከሚያስገቡት ቁጥር ላይ ነው።

በብዛት የሚመጣው ይሄ ነው። ርዝመት ዝላይ ላይ #NUM! ይላል፣ ወይም አሎሎ ላይ ከ118 ሺህ በላይ ነጥብ ይወጣል። ምክንያቱ መለኪያ ነው። ሦስቱ ዝላዮች በሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱ ውርወራዎች ግን በሜትር ነው የሚገቡት። ማን እንዲህ እንዳደረገው አትጠይቁኝ። ፈረንሳዊው የዴካትሎን ተወዳዳሪ ኬቪን ሜየር በ2018 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ታላንስ ላይ 9126 ነጥብ ሲሰበስብ 7.80 ሜትር ዘሎ ነበር። 7.80 ብላችሁ ከጻፋችሁ 220 ሲቀነስበት ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ኤክሴልም ይጮኻል። 780 በሉት፦

```
=INT(0.14354*(780-220)^1.4)
```

1010 ይሰጣችኋል። አሎሎው ግን 16.00 ነው፣ 1600 ብላችሁ እንዳትነኩት። አንድ ልጅ "ሁሉንም አንድ ዓይነት ላድርገው" ብሎ በሙሉ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሮ፣ ወርዋሪዎቹ በሙሉ ዓለምን በልጠው አደሩ! ማንም አልነቃም፣ እኔ እስክከፍተው ድረስ።

የዚሁ ወንድም 1500 ሜትር ነው። የሜየር ሰዓት 4:36.11 ነበር፣ ነጥቡም 705። ሰዎች ግን 4.36 ብለው ይጽፉና 3381 ያገኛሉ። 4:36.11 ብትሉም አይድንም፣ ኤክሴል ሰዓቱን የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሚይዘው ከ3400 በላይ ይወጣል። በሰከንድ ጻፉት፦

```
=INT(0.03768*(480-(4*60+36.11))^1.85)
```

ድምሩ ከኦፊሴላዊው በጥቂት ነጥብ ከበለጠ ROUND ተጠቅማችኋል። ወይም ክፍልፋዩን አቆይታችሁ መጨረሻ ላይ ብቻ ቆርጣችኋል። ነጥብ በየውድድሩ ወደ ታች ነው የሚቆረጠው። የሜየር 5.45 ምርኩዝ ዝላይ 1051.9 ይወጣል፣ የሚጻፍለት ግን 1051 ነው። "1052 ለመድረስ 0.1 ብቻ እኮ ነው የቀረው" አትበሉኝ፣ ደንቡ አያዝንም።

100 ሜትር በእጅ ሰዓት ከተያዘ ደግሞ 0.24 ሰከንድ ይጨመርበታል። ይሄን የሚረሳ ሰው ያበሳጨኛል። በእጅ የተያዘ 10.5 እንዳለ ሲገባ 975 ነጥብ ይሰጣል፣ በ10.74 ሲሰላ ግን 919 ነው። 56 ነጥብ በነፃ! ለ110 መሰናክልም ያው 0.24፣ ለ400 ሜትር ደግሞ 0.14 ነው።

1500ውን ከ8 ደቂቃ በላይ የሚጨርስ ሰው አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ለሱ 0 እንዲሰጥ IF ጨምሩበት። የሴቶች ሄፕታትሎን ቁጥሮች ሌላ ናቸው፣ ከዚህ ፋይል ቀድታችሁ እንዳትለጥፉ።

ፋይሉን ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት የሜየርን አሥር ውጤቶች አስገቡበት። 9126 ካልመጣ ገና ነው፣ አትላኩት።